ቀለበቱ ውስጥ «875» ይላል፤ እውነት 21 ካራት ነው?

ሰላም የኮዬዋ — እሑድ ማታ 2፡20

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከኮዬ ፈጬ ነው። እናታችን ባለፈው ኅዳር አርፋ ንብረቷን ከታላቅ እኅቴ ጋር ያለ ሽማግሌ ተካፍለናል። ወርቅ የሚባለው ነገር ሁለት ብቻ ነበር፤ አንደኛው ከአረብ አገር የመጣ ቀጭን አምባር፣ ሌላው እማዬ ከጣቷ አውልቃው የማታውቀው ቀለበት። ክብደታቸው ስለሚቀራረብና ሁለቱም 21 ናቸው ስለተባለ እኅቴ አምባሩን፣ እኔ ቀለበቱን ወሰድን።

ቀለበቱን አባዬ ለትምህርት ውጭ ሄዶ ሲመለስ ነው ያመጣላት። ፈርጥ የለውም፤ ሰፋ ያለ ነው፣ ላዩ ላይ የቅጠል ቅርጽ ተቀርጾበታል። ውስጡ ላይ ቁጥር አለ፤ ፎቶውን አያይዣለሁ። እኔ 875 ነው የማነበው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወርቅ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ በማጉያ መስታወት አይቶ «875፣ 21 ነው» ብሎ በቁራጭ ወረቀት ጻፈልኝ። ለማረጋገጥ ብዬ ሌላ ቤት ስገባ ግን ሴትየዋ መዳፏ ላይ ዘርግታ ከፍ ዝቅ አደረገችውና «እህቴ፣ ይሄ ቀሎብኛል» ብላ መለሰችልኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ከፎቶው ላይ የሚያነብልኝ ሰው ካለ እባካችሁ።

ጌች ሰበታ — እሑድ ማታ 2፡41

እህቴ ተረጋጊ፣ 21 ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው፣ ከሺህ 875 ማለት ደግሞ 875 × 24 ÷ 1000 = 21 ይመጣል። እኔ ጅዳ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እዚያ የገዛሁት ሁሉ 875 ተመትቶበታል። የሴትየዋን ተዪው፣ አንቺን አስደንግጣ በርካሽ ልትገዛሽ ነው። በዚህ ነገር ብዙ ሰው ተበልቷል።

የለገጣፎዋ — እሑድ ማታ 2፡55

ማግኔት አስጠጊበት። ካልሳበው ወርቅ ነው።

ሰላም የኮዬዋ — እሑድ ማታ 3፡08

የድምፅ ማጉያ ማግኔት አስጠጋሁ፣ አልሳበውም። እፎይ ልበል?

አንጥረኛው — እሑድ ማታ 3፡30

ልጄ፣ ገና እፎይ አትበዪ። ማግኔት ብረትን ብቻ ነው የሚነግርሽ። ብርም አይሳብም፣ ነሐስም አይሳብም፣ መዳብም አይሳብም። ስለዚህ ማግኔቱ ካልሳበው «ብረት አይደለም» ከማለት በቀር ያወቅነው ነገር የለም።

የጌች ሒሳብ ልክ ነው፤ ግን ቁጥሩ «ከሺህ ስንት» የሚለውን ነው የሚናገረው፣ የምኑ እንደሆነ ራሱ አይናገርም። ያንን የሚነግረን አጠገቡ ያለው ምልክት ነው። ፎቶሽ ላይ ከ875 ጎን አንድ ጠቆር ያለ ነጥብ ይታየኛል። የተመታው በአንድ ክፈፍ ውስጥ ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይመስላል። ነጥብ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ከዚያ ደግሞ ራቅ ብሎ ሌላ ትንሽ ማኅተም ያለ ይመስለኛል፣ ግን ተጠርጎበታል። እኔ ፒያሳ ወርቅ ቤት ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ካለ ፎቶ ላይ ግን የምምልበት ነገር የለም።

ሌላ ፎቶ አንሺልን። ፎቶሽ የተነሣው ማታ በቢጫ አምፖል ነው፣ በዚያ ብርሃን የአሉሚኒየም ማንኪያም ወርቅ ይመስላል። ነገ ጠዋት መስኮት አጠገብ ሆነሽ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፊና ቀለበቱን እዚያ ላይ አድርጊው። ጠመኔ በጣትሽ ፈጭተሽ ማኅተሙ ላይ አሺውና ላዩን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፤ ዱቄቱ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀርና ፊደሉ ነጥሮ ይወጣል። ስልኩን በጣም አታስጠጊው፣ ይደበዝዛል፤ ትንሽ ራቅ ብለሽ አንሥተሽ ኋላ ቁረጪው። በፊት ለፊት ካሜራ አታንሺ፣ አንዳንዱ ስልክ ፊደል ይገለብጣል። የእጅ ባትሪም ከጎን፣ ዝቅ አድርገሽ አብሪበት፤ ከላይ ከሆነ ሁሉም ነገር ያብለጨልጭና ጥላ አይኖረውም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ፦ አባትሽ የተማሩት የት አገር ነው?

ሰላም የኮዬዋ — እሑድ ማታ 3፡44

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አባዬ ኪየቭ ነው የተማረው፤ ከ1974 እስከ 1979 ዓ.ም.። ፎቶውን ነገ አነሣለሁ።

አንጥረኛው — እሑድ ማታ 3፡50

እሺ። ፎቶውን እስካይ ምንም አልልም።

ሰላም የኮዬዋ — ሰኞ ጠዋት 2፡35

እንደነገሩኝ አድርጌ አራት ፎቶ አንሥቻለሁ። ጠመኔው ጉድ ነው! ነጥብ ያልነው ነጥብ አይደለም። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ነው፤ ውስጡ መዶሻና ማጭድ አለ። አንዱ ጫፍ ተበልቷል እንጂ በደንብ ይታያል። 875ና ኮከቡ አንድ ላይ በአንድ ክፈፍ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው ማኅተም ሦስት ወይም አራት ፊደል አለው፤ የመጀመሪያው 5 ቁጥር ይመስለኛል፣ ቀጥሎ ያለው እንደ ጎጆ ጣራ ሁለት እግር ያለው ነገር ነው። የቀረው አይነበብም።

ማሙሽ ገላን — ሰኞ ጠዋት 3፡02

መዶሻና ማጭድ ከኮከብ ጋር? ይሄማ የኢሠፓ አርማ ነው። በደርግ ጊዜ ለአባላት የተሰጠ ቀለበት ይሆናል። አባትሽ አባል ነበሩ?

ሰላም የኮዬዋ — ሰኞ ጠዋት 3፡10

አባዬ የፓርቲ ሰው አልነበረም። ቀለበቱም የሴት ነው፣ በእኔ ቀለበት ጣት እንኳ በግድ ነው የሚገባው።

አንጥረኛው — ሰኞ ቀን 6፡15

የፓርቲ አርማ አይደለም። የሶቪየት መንግሥት የፈታኝ መሥሪያ ቤት ማኅተም ነው። ከ1958 ጀምሮ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ የከበረ ማዕድን ሁሉ ተፈትኖ ሲያልፍ መዶሻና ማጭድ ያለበት ኮከብ ከቁጥሩ ጋር ይመታበት ነበር። ከዚያ በፊት መዶሻ የያዘ የሠራተኛ ጭንቅላት ነበር። ስለዚህ የቀለበቱ አገር ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም፣ ከአባትሽ ታሪክም ጋር ይገጥማል።

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ። እዚያ አገር በወርቅ ላይ የሚመቱት ቁጥሮች የታወቁ ነበሩ። በብዛት የሚገኘው 583 ነው፤ የጋብቻ ቀለበታቸው ሁሉ እሱ ነበር፣ እኛ 14 ካራት የምንለው። ከፍ ያለው 750 ነው። 375ም 958ም አለ። 875 ግን በወርቃቸው መደብ ውስጥ የለም። 875 የብር ቁጥራቸው ነው። ማንኪያቸው፣ የስኳር መቆንጠጫቸው፣ የቮድካ መጠጫቸው፣ የሴት ጌጣቸው፣ ብዙው 875 ብር ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ በላዩ ላይ ወርቅ ይቀቡታል።

ስለዚህ ልጄ፣ ከፎቶው የማነበው ይሄን ነው፦ ቀለበትሽ የሶቪየት ብር ነው፣ ከሺህ 875፣ ላዩ ወርቅ የተቀባ። ማኅተሙ እውነተኛ ነው፣ ማንም አልዋሸም። ያሳሳተን እኛ አረብ አገር የለመድነውን ቁጥር እዚያ ላይ ማንበባችን ነው።

ጌች ሰበታ — ሰኞ ቀን 6፡40

ጋሼ በማክበር ነው የምናገረው፣ ግን አልተዋጠልኝም። ብር ከሆነ አርባ ዓመት እንዴት ቢጫ ሆኖ ይቆያል? እኔ የማውቀው ቅብ ዓመት አይሞላውም፣ ይላጣል።

አንጥረኛው — ሰኞ ቀን 7፡05

ጌች፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። የምታውቀው ቅብ ነሐስ ላይ የሚቀባው፣ እንደ ትንፋሽ የሳሳ ነው። ብር ላይ ወፈር ተደርጎ የተቀባ ብዙ ይቆያል። ቢሆንም በአርባ ዓመት ሳይላጥ አይቀርም፤ የት እንደሚላጥ ማወቅ ነው። የቀለበት ላዩ ቅርጽ ያለው ከሆነ ጉድጓዶቹ ውስጥ ቢጫው ይቀራል፣ የሚፋቀው ጠርዙና መዳፍ በኩል ያለው ጀርባው ነው። ሰላም፣ ጀርባውን በቀን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ እዪው። ነጣ ያለ ወይም ጠቆር ያለ መስመር አለ?

ሰላም የኮዬዋ — ሰኞ ቀን 7፡22

አለ። አሁን ልቤ ወረደ። ጀርባው በአንድ በኩል ነጭ ነው፣ ጠርዙ ላይ ጥቁር ነገር አለ። እኔ የሳሙና ቆሻሻ ነው ብዬ በጥርስ ብሩሽ ስፈትገው ነበር።

የለገጣፎዋ — ሰኞ ቀን 7፡30

እኔም ኮከብ ያለበት አለኝ! የአንገት ሐብል ነው፣ መቆለፊያው ላይ 750 ይላል፣ አጠገቡ ኮከብ አለ። ታዲያ የኔም የሩሲያ ሊሆን ነው? ባለቤቴ የጣሊያን ነው ብሎ ነው የሰጠኝ። ልጣላው ነው።

አንጥረኛው — ሰኞ ቀን 8፡10

አትጣዪው እንጂ። ኮከቡ ውስጥ መዶሻና ማጭድ አለ? ከሌለና ከኮከቡ ቀጥሎ ቁጥር፣ ከዚያ ሁለት የላቲን ፊደል ካለ ጣሊያን ነው። እነሱ ከ1968 ወዲህ የሠሪውን ማኅተም ረዘም ባለ ስድስት ማዕዘን ውስጥ እንዲህ ነው የሚመቱት፤ ኮከብ፣ የሠሪው ቁጥር፣ የአውራጃው ፊደል። ኤ እና አር ከሆነ አሬዞ ነው፣ ቪ እና አይ ከሆነ ቪቼንዛ ነው። ሁለቱም የወርቅ ሠሪ ከተሞች ናቸው። 750ው ደግሞ ለብቻው በሌላ ክፈፍ ውስጥ ይሆናል።

የለገጣፎዋ — ሰኞ ቀን 8፡26

ቪ እና አይ ነው! ኮከቡ ባዶ ነው። ተመስገን።

አንጥረኛው — ሰኞ ቀን 8፡40

ጥሩ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ ሐብሉ ተበጥሶ ወይም መቆለፊያው ተበላሽቶ ያውቃል?

የለገጣፎዋ — ሰኞ ቀን 8፡52

አዎ፣ ሕፃኑ ጎትቶ በጥሶት እዚሁ አሠርቼዋለሁ። መቆለፊያውን ቀይረውልኛል።

አንጥረኛው — ሰኞ ቀን 9፡05

እንግዲያው ያነበብነው የመቆለፊያውን ነው። የመቆለፊያ ማኅተም ስለ መቆለፊያው ብቻ ነው የሚመሰክረው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ከተበላሸ የጣሊያን ሐብል መቆለፊያ አውጥቼ በደንበኛ ፈቃድ ሌላ ሐብል ላይ በይጃለሁ፤ ማኅተሙ አብሮ ይሄዳል። ከሌላው ጫፍ፣ መቆለፊያው የሚገባበት ቀለበት አጠገብ ትንሽ ምላስ ካለ እሱን እዪ፤ እዚያም 750 ካለ ይበልጥ ያጽናናል። ከሌለ ሰንሰለቱ ራሱ ይፈተን።

አቦል ቡራዩ — ሰኞ ማታ 1፡15

እኔ ደግሞ የምለው፣ እኅትየዋ ነገሩን ሳታውቅ ቀርታ ነው አምባሩን የመረጠችው? ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዲሉ ነው የሆነብሽ። መጀመሪያ እሷን ጠይቂ።

ሰላም የኮዬዋ — ሰኞ ማታ 1፡40

ወንድሜ፣ እንዲህ አትበል። እንድመርጥ ያደረገችኝ እሷ ናት። «አንቺ የእማዬን ጣት የመሰለውን ውሰጂ» ብላ ነው የሰጠችኝ። እማዬም ብትሆን አርባ ዓመት 21 ነው ስትል የኖረችው አባዬ አታሏት አይመስለኝም። አባዬ ምን ብሎ እንደሰጣት የሚያውቅ የለም። ምናልባት ጎረቤት ቁጥሩን አይቶ ነግሯት ይሆናል፣ ልክ እንደ ወርቅ ቤቱ ልጅ።

ጋሼ፣ ሳላስፈገፍገው፣ አሲድ ሳላስነካው የማረጋገጥበት መንገድ የለም? ለእኅቴ ከመናገሬ በፊት እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ።

አንጥረኛው — ሰኞ ማታ 2፡20

አለ፣ ያውም ቤትሽ ውስጥ። ፈርጥ የሌለው መሆኑ በጀሽ። ሴትየዋ በመዳፏ «ቀሎብኛል» ያለችውን ነገር በውኃ እንመዝነዋለን። 21 ካራት ወርቅ በጣም ከባድ ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ ወደ 17 ግራም ይመዝናል። 875 ብር 10 ግራም ከሩብ ገደማ ነው። ነሐስ ከ8 ተኩል ብዙም አይርቅም። ይህን ያህል የተራራቁ ስለሆኑ ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

እስከ መቶኛ ግራም የምታነብ ትንሽ የኪስ ሚዛን ከሰው ተዋሺ። መጀመሪያ ቀለበቱን ደረቁን መዝኚና ጻፊው። ቀጥሎ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ውኃ ጨምረሽ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሺው። ከዚያ ቀለበቱን በቀጭን የስፌት ክር አንጠልጥለሽ ውኃው ውስጥ አስጥሚው፤ ክሩን በእጅሽ ወይም በማንኪያ ላይ ያዢው። ሚዛኑ ትንሽ ቁጥር ያሳይሻል። ያ ቁጥር ቀለበቱ የገፋው ውኃ ክብደት ነው። የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍዪው።

ሰላም የኮዬዋ — ማክሰኞ ማታ 1፡05

ከጎረቤቴ ልጅ ሚዛን ተዋስኩ፤ ቅመም እየመዘነች የምትሸጥ ልጅ ናት። ደረቁ 5.14 ግራም። ውኃ ውስጥ ሳስጠልቀው ግን ያው 5.14 አለ! ለራሱ ሲካፈል 1 ነው የሚመጣው። ምን አጠፋሁ?

አንጥረኛው — ማክሰኞ ማታ 1፡25

ቀለበቱ ብርጭቆው ወለል ላይ ተቀምጧል። ወለሉን ከነካ ሚዛኑ ቀለበቱን እንዳለ ነው የሚመዝነው። ክሩ ተወጥሮ፣ ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ ሰጥሞ፣ ወለሉንም ግድግዳውንም ሳይነካ መሐል ላይ መንሳፈፍ አለበት። ሌላም ነገር፦ ቅርጹ ላይ የአየር አረፋ እንዳይጣበቅ ውኃው ውስጥ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪና ቀለበቱን አወዛውዢው። አረፋ ከያዘ ቁጥሩ ይተልቃል፣ ብረቱ ከሆነው በላይ ቀላል ይመስልሻል። ሦስት ጊዜ አድርጊው።

ሰላም የኮዬዋ — ማክሰኞ ማታ 2፡00

እውነትም ወለሉን ነክቶ ነበር። አሁን ክሩን በእርሳስ ላይ አስሬ እርሳሱን በሁለት የመጻሕፍት ክምር ላይ አጋድሜ አደረግሁት፣ እጄም አልተንቀጠቀጠም። ሦስቱ ንባብ 0.51፣ 0.50፣ 0.50 ሆነ። 5.14 ÷ 0.50 = 10.28።

ጌች ሰበታ — ማክሰኞ ማታ 2፡12

ወርቅ ቢሆን ስንት ይል ነበር?

አንጥረኛው — ማክሰኞ ማታ 2፡30

5.14 ለ17 ብታካፍለው 0.30 ነው። እሷ 0.50 ነው ያገኘችው። ሚዛኗ በ0.02 ብትሳሳት እንኳ 0.48 ወይም 0.52 ነው፤ ወደ 0.30 አይወርድም። 14 ካራት ቢሆን እንኳ 0.39 ገደማ ነበር የሚለው። ነሐስ ቢሆን ወደ 0.60 ይወጣ ነበር። ኮከቡ የተናገረውና ውኃው የተናገረው አንድ ነው፦ ብር።

የዚህ ዘዴ ድንበሩ ግን ይታወቅ። 18ና 21 ካራትን በዚህ ሚዛን ልለይ ብትል አትችልም። ለ5 ግራም ቀለበት ልዩነታቸው 0.03 ያህል ብቻ ስለሆነ ስሕተቱ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ የፍተሻ ድንጋይና አሲድ ነው፣ ወይም መሣሪያ ያለው ቤት።

ማሙሽ ገላን — ማክሰኞ ማታ 2፡48

እኔም ሞከርኩት! የእናቴ ቀለበት ቀይ ፈርጥ አለው፣ 583ና ያው ኮከብ አለበት። በውኃው 9.8 መጣልኝ። ስለዚህ ማኅተሙ የውሸት ነው ማለት ነው?

አንጥረኛው — ማክሰኞ ማታ 3፡05

አይደለም ማሙሽ። የሶቪየት ቀይ ፈርጥ ብዙው በፋብሪካ የተሠራ ሩቢ ነው፤ እሱ ኪዩቡ 4 ግራም ብቻ ነው የሚመዝነው። ትልቅ ፈርጥ ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም፤ ስለዚህ አማካዩን ያወርደዋል። ፈርጥ ያለበትን በውኃ አትፍረድበት። 583 ከኮከብ ጋር ለወርቅ የሚስማማ ማኅተም ነው። «585 መሆን ነበረበት» የሚልህ ሰው ካለ ደግሞ አትስማው፤ 585 እዚያ የገባው ኋላ በ1994 ነው። የአንተን ደኅና የወርቅ ሠሪ ጀርባው ላይ በድንጋይ ይየው።

ጌች ሰበታ — ማክሰኞ ማታ 3፡20

ጋሼ፣ እኔ የተሳሳትኩት ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ፤ ማኅተም ይመሰክራል ካሉ፣ የሰዓት ሠሪ መዶሻ ያለው ሰው ኮከብ ቀርጾ መምታት አይችልም?

አንጥረኛው — ማክሰኞ ማታ 3፡41

ይችላል። ለዚህ ነው ማኅተም የባለቤቱ ቃል ነው፣ ፈተና ደግሞ ሌላ ነው የምለው። ሐሰተኛ ግን ብዙ ጊዜ ከፍ አድርጎ ነው የሚዋሸው፤ ብር ላይ 583 ይመታል እንጂ ብር ላይ የብር ቁጥር ለመምታት አይደክምም። በእጅ የተመታው ደግሞ በፎቶ ያሳብቃል፤ ቁጥሮቹ በአንድ መስመር አይቆሙም፣ አንዱ ጠልቆ አንዱ ይሳሳል፣ ዙሪያው ያብጣል። የሰላም ማኅተም ክፈፉ ወጥ ነው፤ ቅቡም ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል፣ ማለትም ከተመታ በኋላ ነው የተቀባው።

አቦል ቡራዩ — ረቡዕ ጠዋት 3፡10

እኅትየዋን በተመለከተ የጻፍኩትን አነሣለሁ፣ ይቅርታ። ሁለተኛው ማኅተም ግን ምን ሆነ? 5ና ጣራ የመሰለው።

አንጥረኛው — ረቡዕ ቀን 6፡30

እሱ የሠሪው ማኅተም ነው። እነሱ ከ1953 ወዲህ በሠሪው ማኅተም መጀመሪያ ላይ የዓመቱን የመጨረሻ ቁጥር ያስቀምጡ ነበር። 5 ከሆነ ከ1958 በኋላ 1965፣ 1975 ወይም 1985 ነው። አባትሽ እዚያ የነበሩት በፈረንጅ ከ1981 እስከ 1987 ስለሆነ 1985 በጣም ይቀርባል፤ ወደ እኛ ሲመለስ 1977 ወይም 1978 ነው። ሱቅ ውስጥ አሥር ዓመት የተቀመጠ ዕቃ ገዝተው ከሆነም 1975 ሊሆን ይችላል፤ ከቁጥሩ ብቻ አይለይም።

ጣራ የመሰለውን ፊደል ግን አልደፍረውም። የሩሲያ ኤል እንዲህ ባለ ጥቃቅን ማኅተም ላይ ጣራ ይመስላል፤ ግን መሐሉ ላይ የነበረች መስመር ተጠርጋ ከሆነ ኤ ይሆናል፣ የላይ ማዕዘኖቹ ተበልተው ከሆነ ደግሞ ፒ ይሆናል። ከተማው በዚያ ፊደል ላይ ነው ያለው። እኔ ሌኒንግራድ ብዬ መናገር ብወድም ከፎቶው አልልም።

ጌች ሰበታ — ረቡዕ ቀን 6፡44

ኪየቭ ከገዙት እዚያው ቢሠራስ?

አንጥረኛው — ረቡዕ ቀን 6፡52

ሊሆን ይችላል፤ የተገዛበትና የተሠራበት ከተማ ግን አንድ መሆን የለበትም። ማጉያ መስታወት ስልኩ ሌንስ ላይ ደግፋ ብታነሣው ሌላ ፊደል ይወጣ ይሆናል። ጠመኔ ካልያዘ የሻማ ጥላሸት ሞክሪ፤ በጣትሽ ትንሽ አስነክተሽ ላዩን ጥረጊው።

ሰላም የኮዬዋ — ሐሙስ ማታ 2፡15

ጥላሸቱን ሞከርኩት። ሦስተኛው ፊደል ክብ ያለበት ነገር ነው፣ ከዚያ በላይ አይታይም። አዲሱን ፎቶ አያይዣለሁ፣ ዐይኑ የሚያይ ይይልኝ።

ለእኅቴ ትናንት ማታ ደውዬ ነገርኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ «እማዬ ይሄን ሳታውቅ መሞቷ ተሻለ» አለችኝ። አምባሩን እሑድ ይዛ ትመጣለች፤ እሱንም በውኃ እንመዝነዋለን። ተሽጦ ለሁለታችን እንዲካፈል ጠይቄያታለሁ፣ እሷ ግን ገና አልወሰነችም። ቀለበቱን አልሸጥም። እሑድ ጠዋት ጀርባው ላይ ያለውን ጥቁር መፈተጌን ልተው ወይስ ልቀጥል ጋሼ?

አንጥረኛው — ሐሙስ ማታ 2፡40

ተዪው። ጥቁሩ የብሩ ዝገት ነው፤ በብሩሽ ስትፈትጊው የቀረውን ቅብ አብረሽ ነው የምታነሺው። ለብ ባለ ውኃና ሳሙና በጣትሽ ብቻ እጠቢና በለስላሳ ጨርቅ አድርቂው። የአምባሩን መቆለፊያም ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፣ ምላሱንም ጭምር።